ባንኩ ወለዱን አስቀድሞ አልበላም፦ ስለ ብድር አከፋፈል ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

«ወንድሜ፣ ልብ በል። ባንክ ወለዱን ከፊት ነው የሚበላው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የምትከፍለው ለወለድ ብቻ ነው፤ ዋናው ብድር አይነካም። 18 በመቶ ይሉሃል እንጂ 600 ሺህ ብር ለ5 ዓመት ተበድረህ 314 ሺህ ወለድ ትከፍላለህ፤ ይህ 52 በመቶ ነው። ግማሹን ዘመን ካለፍክ ደግሞ ወለዱ ተከፍሎ አልቋልና ተጨማሪ መክፈል ሞኝነት ነው። ትርፍ ብር ካለህ አካውንትህ ውስጥ አስቀምጠው፤ ባንኩ ራሱ ለብድሩ ያስበዋል።»

ይህን ጽሑፍ የላኩልኝ ጎረቤቴ ናቸው። እዚህ ጎንደር፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ፣ ስምንት ክፍል ያለው ፔንሲዮን አላቸው። ክፍሎቹን ለማደስና የውሃ ታንከር ለመትከል 600,000 ብር ተበድረዋል። ወለዱ 18 በመቶ፣ ዘመኑ 5 ዓመት። ጸሐፊው የወሰዱት ምሳሌ ከእሳቸው ብድር ጋር ቁጭ አንድ ሆነና ደነገጡ። «ልጄ፣ እውነት ነው እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ በከንቱ ነው የከፈልኩት?» አሉኝ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለሰፈሩ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ። ጸሐፊውን አላውቃቸውም፤ ክፋት አስበው የጻፉት አይመስለኝም። ግን ከአራቱ ነጥቦች አንዱም ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። የመጨረሻው ደግሞ ጎረቤቴን ቀድሞ ብር አስከፍሏቸዋል። ስለዚህ በተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ መነሻው ሰንጠረዡን በዓይን ማየት ነው። እውነት ነው፣ የመክፈያ ሰንጠረዡን ገልጦ የመጀመሪያውን መስመር ያየ ሰው ይደነግጣል። ወርሃዊ ክፍያው 15,236.06 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ 9,000 ብሩ ወለድ ነው። ለዋናው ብድር የቀረው 6,236.06 ብቻ። ከግማሽ በላዩ ለወለድ ሄደ ማለት ነው። ግን ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ባንኩ የአምስት ዓመቱን ወለድ ደምሮ ከፊት ስለደረደረው አይደለም። 18 በመቶ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.5 በመቶ ይሆናል። የ600,000 ብር 1.5 በመቶ 9,000 ነው። አለቀ። ያ 9,000 ብር ያንን አንድ ወር ብቻ ይመለከታል። የሚቀጥለው ወር ወለድ ገና አልተወለደም።

ሁለተኛው ወር ላይ ቀሪው ዕዳ 593,763.94 ብር ሆኗል። የእሱ 1.5 በመቶ 8,906.46 ነው። ስለዚህ ለዋናው የሚሄደው ከፍ ብሎ 6,329.60 ይሆናል። ሦስተኛው ወር ላይ ወለዱ 8,811.52፣ ለዋናው 6,424.54። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሥራው በየወሩ ሦስት ነገር ብቻ ነው። ቀሪውን ዕዳ በ1.5 በመቶ ታባዛለህ፤ ይህ ወለዱ ነው። ወለዱን ከክፍያው ትቀንሳለህ፤ የተረፈው ለዋናው ነው። እሱን ከቀሪው ዕዳ ትቀንሳለህ፤ ከዚያ እንደገና ትጀምራለህ። ባንኩም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

እኔ ለሰዎች ሳስረዳ የሰርግ ወንበር ኪራይን አነሣለሁ። 600 ወንበር ተከራየህ እንበል። በየወሩ መጨረሻ ጥቂት ወንበር ትመልሳለህ፤ ኪራይ የምትከፍለው ቤትህ ለቀሩት ወንበሮች ነው። መጀመሪያ ላይ ኪራዩ የሚበዛው አከራዩ ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም። ወንበሩ ሁሉ አንተ ጋ ስላለ ነው።

እና «ሁለት ዓመት ወለድ ብቻ» የሚለው በዚህ ብድር ላይ አይሠራም። በ15ኛው ወር ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። ወለዱ 7,555 ብር፣ ለዋናው የሚሄደው 7,681 ብር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዋናው እየበለጠ ይሄዳል፤ በ60ኛው ወር ወለዱ 225 ብር ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሲሞላ ከ600,000 ብሩ 178,560 ብር ገደማ ተከፍሏል። ጎረቤቴ ቁጥሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንዲያ በለኝ» አሉ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልመስክርላቸው። ምናልባት ያዩት የረጅም ዘመን ብድር ሰንጠረዥ ይሆናል። ያው 600,000 ብር፣ በዚያው 18 በመቶ፣ ለ20 ዓመት ቢሆን ወርሃዊ ክፍያው 9,259.87 ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ ያው 9,000 ነው። ለዋናው የሚተርፈው 259.87 ብር! እዚያ ላይ «ዋናው አይነካም» ቢሉ ብዙ አልተሳሳቱም። ዕዳው ወደ ግማሹ የሚወርደው ከ16 ዓመት ከ3 ወር ገደማ በኋላ ነው። ምክንያቱ ግን ያው ነው። ክፍያው ከወለዱ በጥቂቱ ብቻ ስለሚበልጥ ዕዳው እንደ ኤሊ ይወርዳል። ወርሃዊ ክፍያ አነሰልኝ ብሎ ዘመን ለማስረዘም የሚቸኩል ሰው ይህን መስመር ቢያይ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ 18 ሳይሆን 52 በመቶ ነው የሚለው፣ ማባዛቱ ላይ ትክክል ነው። 15,236.06ን በ60 ብናባዛ 914,163.60 ብር ይመጣል። ዋናውን ስንቀንስ ወለዱ ወደ 314,163 ብር ነው። እሱን ለ600,000 ስናካፍል 52 በመቶ ይወጣል። ስህተቱ የአምስት ዓመትን ድምር ከአንድ ዓመት መቶኛ ጋር ማወዳደሩ ነው። 18 በመቶው የአንድ ዓመት ኪራይ ነው፤ 52ቱ የአምስት ዓመት። እንዲያውም በሌላ በኩል ሰው ሊጠይቅ የሚገባው፣ 18 በአምስት ሲባዛ 90 ነው፣ ታዲያ ለምን 52 ብቻ ሆነ ብሎ ነው። መልሱ ወንበሮቹ ጋ ነው። ጎረቤቴ አምስቱን ዓመት ሙሉ 600,000 ብር እጃቸው ላይ አልነበረም። በየወሩ ይመልሳሉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ቀሪ ዕዳ በአማካይ ወደ 349,000 ብር ነው። የእሱ 18 በመቶ በአምስት ዓመት ሲባዛ ያንኑ 314 ሺህ ይሰጣል።

ይህ ነጥብ አንድ እውነተኛ ወጥመድ ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት። በየወሩ ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም የማይቀንስባቸው ብድሮች አሉ። ወለዱ ከመነሻው ብድር ላይ ለሙሉ ዘመኑ ይሰላና ለወራቱ እኩል ይካፈላል። «ፍላት» የሚሉት ነው። በእኛ ምሳሌ 18 በመቶው ፍላት ቢሆን ወለዱ በዓመት 108,000፣ በአምስት ዓመት 540,000 ይሆናል። ከዋናው ጋር ተደምሮ ለ60 ሲካፈል ወርሃዊ ክፍያው 19,000 ብር ይወጣል። ወንበሩን መልሰህ ለመለስከውም ኪራይ እንደ መክፈል ነው። እየቀነሰ በሚሄድ ዕዳ ላይ ቢሰላ ኖሮ እንዲህ ያለው ክፍያ በዓመት ወደ 29 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ማለት ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ ግን «18 በመቶ» ተብለው ሊጻፉ ይችላሉ።

እንዴት ይለያል? የሁለተኛውን ወር መስመር እይ። የሁለተኛው ወር ወለድ ከመጀመሪያው ካነሰ፣ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። እኩል ከሆነ ፍላት ነው። ከመፈረምህ በፊት ሰንጠረዡን አሳዩኝ በል። ሰንጠረዥ የለም ካሉህ ወርሃዊ ክፍያውን ብቻ ጠይቅና ራስህ አወዳድር። ኤክሴል ያለው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይበቃል፦

```
=PMT(0.18/12,60,-600000)
```

ይህ 15,236.06 ይሰጥሃል። ወርሃዊው ከዚህ ብዙ ከራቀ፣ ምክንያቱን የሚነግርህ ሰው ሳታገኝ አትፈርም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ብዙ ባንኮች ወለዱን የሚያስቡት በቀን ነው። የ31 ቀን ወር ከሆነ የመጀመሪያው ወለድ 9,000 ሳይሆን 9,172.60 ይሆናል። የ28 ቀን ከሆነ ደግሞ 8,284.93። ስለዚህ ስቴትመንትህ ከራስህ ሰንጠረዥ በመቶዎች ብር ከፍና ዝቅ ቢል አትደንግጥ። መደንገጥ ያለብህ ወለዱ ወራት እያለፉ ጭራሽ ካልወረደ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ግማሹ ዘመን ካለፈ ተጨማሪ መክፈል ሞኝነት ነው የሚለው፣ እኔ እንደማየው ብዙ ሰው የሚያምነው ነው። ባንክ ውስጥ የሚሠራ ዘመድ ሳይቀር ሲናገረው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን እናውጣ።

ጎረቤቴ ብድሩን የወሰዱት በጥር መጨረሻ ነው። የመጀመሪያ ክፍያቸው የካቲት ላይ ነበር። ስለዚህ 12ኛው ክፍያ የሚውለው በሚቀጥለው ጥር ነው። ጥር ደግሞ ለጎንደር ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም። ለጥምቀት ሰው ከየአገሩ ይጎርፋል። ክፍል አይገኝም፤ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። እና ከጥምቀት በኋላ እጃቸው ላይ 50,000 ብር ተረፈ እንበል። 12 ክፍያ ሲፈጸም ቀሪው ዕዳ 518,674 ብር ነው። 50,000ውን ዋናው ላይ ቢጥሉት 468,674 ይሆናል። የቀጣዩ ወር ወለድ 7,780 ብር መሆኑ ቀርቶ 7,030 ይሆናል። 750 ብር ቀነሰ። ያ 750 ብር የ50,000 ብር 1.5 በመቶ ነው።

አሁን ያንኑ 50,000 ብር በ36ኛው ወር ላይ እንክፈለው። ከዘመኑ ከግማሽ በላይ አልፏል። በጸሐፊው አባባል ወለዱ አልቋል። ቀሪው ዕዳ ግን 305,184 ብር ነው፤ አሁንም ከመነሻው ግማሽ ይበልጣል። 50,000 ሲቀነስ 255,184 ይቀራል። የሚቀጥለው ወር ወለድ በስንት ቀነሰ? በ750 ብር። ያው 50,000፣ ያው 1.5 በመቶ። 50,000 ብር በየትኛውም ወር ዕዳ ላይ ሲጣል በዓመት 18 በመቶ ያድናል። መጀመሪያ ላይም፣ መሃል ላይም፣ መጨረሻ ላይም።

ልዩነቱ ያለው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያድን ላይ ነው። በ12ኛው ወር የተከፈለው 50,000 ወርሃዊው ክፍያ 15,236.06 እንደሆነ ከቀጠለ፣ 48 ክፍያ ቀርቶት የነበረውን ብድር በ42 ክፍያ ያስጨርሳል። የመጨረሻዋም ክፍያ 8,596 ብር ብቻ ናት። የሚተርፈው ወለድ 48,056 ብር ገደማ ነው። ሃምሳ ሺህ ከፍሎ ሌላ አርባ ስምንት ሺህ ማዳን! በ36ኛው ወር ሲከፈል ደግሞ የቀሩት 24 ክፍያዎች 20 ይሆናሉ፤ የሚተርፈው ወለድ ወደ 19,561 ብር ነው። ከመጀመሪያው ያንሳል፣ ግን በሁለት ዓመት ያልሞላ ጊዜ ውስጥ የተገኘ ነው። ሞኝነት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ አላየሁም።

ግራ የሚያጋባው ይመስለኛል፣ ሰው «የሚተርፈው አነሰ» ሲል «የሚያድነው መቶኛ አነሰ» ማለቱ ነው። ለሁለት ዓመት የተከራየ ቤትና ለአራት ዓመት የተከራየ ቤት አጠቃላይ ኪራያቸው አንድ አይሆንም። የወሩ ኪራይ ግን አንድ ሊሆን ይችላል።

መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው። ያ 50,000 ብር ሌላ ቦታ ከ18 በመቶ በላይ ያመጣል ወይ? በቁጠባ ሒሳብ ከሆነ አያመጣም። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። በ7 በመቶ 50,000 ብር በዓመት 3,500 ያመጣል። ዕዳው ላይ ሲጣል ደግሞ በዓመት 9,000 ያድናል። ሰሊጥ ነጋዴ ከሆንክና ምርት ሲገባ 50,000 ብር በሁለት ወር ውስጥ 10,000 የምታመጣልህ ከሆነ ግን ብድሩን ተወውና ሰሊጥህን ግዛ። ይህን የሚወስነው የኪስህ ሒሳብ ነው። የብድሩ ግማሽ ዘመን ማለፍ አለማለፉ ምንም አገባብ የለውም።

ደግሞ አንዴ ዋናው ላይ የጣልከውን ብር ባንኩ መልስልኝ ብትለው አይመልስልህም። ለጎረቤቴም ያልኳቸው ይህንን ነው። ክረምት ሲገባ እንግዳ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሁለት ሦስት ወር ክፍያ የሚሸፍን ብር በእጅ መኖር አለበት። እሱን ሳይነኩ የተረፈው ነው «ትርፍ» የሚባለው። ለማዳን ብለው ጥር ላይ ሁሉን አራግፈው ሐምሌ ላይ ቢያስተጓጉሉ፣ የመዘግየት ቅጣቱ ያዳኑትን ይበላዋል።

አሁን አራተኛው፣ ትርፍ ብርህን አካውንትህ ውስጥ አስቀምጠው የሚለው። እዚህ ላይ ነው ጸሐፊውን ትንሽ የምቆጣቸው፤ ምክንያቱም ጎረቤቴ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት በራሳቸው ሐሳብ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ያ የጥምቀት 50,000 ብር እውነት ነበር። ጎረቤቴ ወስደው ክፍያው የሚቆረጥበት አካውንት ውስጥ አስገቡት። መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ «ለብድሬ ነው» አሏት። እሷም «እሺ እትዬ» አለቻቸውና ደረሰኝ ሰጠቻቸው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ግን ገቢ የሚል ብቻ ነበር። የባንኩን ስም አልጠራም፤ የትም ቢሆን ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። ሲስተሙ ሲያየው አካውንት ውስጥ ብር አለ። ዕዳ ቀንስ ያለው ሰው የለም። ስለዚህ የካቲት ላይ 15,236.06 ቆረጠ፤ መጋቢት ላይ ቆረጠ፤ ሚያዝያ ላይ ቆረጠ። ሦስቱ ሲደመሩ 45,708.18 ነው። ከ50,000ው 4,291.82 ብር ቀረ። ጎረቤቴ ደግሞ «ተጨማሪ ከፍያለሁ» ብለው ተማምነው፣ በእነዚያ ወራት ለክፍያ ያስቀመጡትን ብር ፍራሽና አንሶላ ገዙበት። ግንቦት ላይ «ሒሳብዎ በቂ አይደለም» የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ሲመጣ ወረቀታቸውን ይዘው እኔ ጋ መጡ።

ስቴትመንቱን ሳየው ነገሩ በአንድ መስመር ታወቀ። የ13ኛው ወር ወለድ 7,780 ብር ነበር። ዋናው ላይ ተጥሎ ቢሆን 7,030 መሆን ነበረበት። ማለትም 50,000ው ዕዳውን በአንድ ሳንቲም አላወረደውም። የሚቀጥሉትን ክፍያዎች ቀድሞ እንደ መክፈል ብቻ ሆነ። ተጨማሪ የከፈለ ሰው ሁሉ ማየት ያለበት ይህችን ቁጥር ነው። የከፈልከውን ተጨማሪ ብር በወር ወለዱ አባዛ፤ በእኛ 1.5 በመቶ ነው። የሚቀጥለው ወር ወለድ በሰንጠረዡ ላይ ከነበረው በዚያ ያህል መውረድ አለበት። ካልወረደ ብርህ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

መፍትሔው ማመልከቻ ነው። በቃል አይሆንም፤ በጽሑፍ። ለጎረቤቴ የጻፍኩላቸው ሦስት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ገቢ የማደርገው ብር የሚቀጥሉት ወራት ክፍያ ሆኖ እንዳይያዝ፣ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስልኝ። ሁለተኛ፣ ወርሃዊ ክፍያዬ 15,236.06 ብር እንደሆነ እንዲቀጥልና የመክፈያ ዘመኑ እንዲያጥርልኝ። ሦስተኛ፣ አዲሱ የመክፈያ ሰንጠረዥ ታትሞ እንዲሰጠኝ። ኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም አስመትተው እንዲይዙት ነግሬያቸዋለሁ።

ሁለተኛው ቃል ለምን አስፈለገ? ብዙ ቦታ ተጨማሪ ክፍያ ሲገባ ሰንጠረዡን እንደገና የሚያወጡት ዘመኑን ሳይነኩ ክፍያውን በማሳነስ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 50,000 ተከፍሎ እንዲያ ቢደረግ ኖሮ፣ ወርሃዊው ከ15,236 ወደ 13,767 ብር ይወርድ ነበር። በወር 1,469 ብር ቀለል ማለቱ ደስ ይላል፤ ኪስ ለጠበበበት ሰው ትክክለኛውም ምርጫ ሊሆን ይችላል። ግን የሚተርፈው ወለድ ወደ 20,501 ብር ይሆናል። ዘመኑ ሲያጥር የሚተርፈው 48,056 ነበር። ያው ብር፣ ያው ቀን፣ ያው ባንክ። ልዩነቱ ማመልከቻው ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

የሚከፈልበት ቀንም ትንሽ ይጠቅማል። ባንክ የገባለትን ብር የሚያካፍለው አብዛኛውን ጊዜ በቅደም ተከተል ነው። ያልተከፈለ ቅጣት ካለ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመውን ወለድ፣ የተረፈውን ከዋናው። ስለዚህ በወሩ መሃል 50,000 ይዘህ ብትሄድ የ15 ቀን ወለድ ይነሣለትና ከዋናው ላይ የሚቀነሰው ከ50,000 ያነሰ ይሆናል። ይህ ኪሳራ አይደለም፤ ያ ወለድ ቢዘገይም መከፈሉ አይቀርም ነበር። ግን ሒሳቡን ከሰንጠረዥ ጋር ለማስተያየት ያስቸግራል። የወሩ ክፍያ በተቆረጠ ማግስት ብትከፍለው ንጹሕ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ውልህን አንብብ። ቀድሞ ለመክፈል የሚያስከፍሉ ውሎች አሉ። ለምሳሌ 3 በመቶ ቢሆን በ50,000 ላይ 1,500 ብር ነው። ይህ የሁለት ወር የወለድ ቅናሽ ማለት ስለሆነ፣ አራት ዓመት ለቀረው ብድር ምንም አይደለም፤ ሦስት ወር ለቀረው ግን ሁሉን ይበላዋል። ከዚህ ውጭ ቀድሞ መክፈል የሚያስቀጣው ብድሩን ሙሉ በሙሉ ሲዘጉ ብቻ የሆነበት ውልም ይኖራል። አንቀጹን ፈልጎ ማግኘት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ራሱ ሰንጠረዡን መሥራት ለሚፈልግ፣ ኤክሴል ላይ አራት ዓምድ ይበቃል። በ`B` የወሩ መነሻ ዕዳ፣ በ`C` ወለድ፣ በ`D` ለዋናው የሚሄደው፣ በ`E` ተጨማሪ የከፈልከው። `B2` ላይ 600000 ጻፍ። ከዚያ፦

```
C2: =ROUND(B2*0.18/12,2)
D2: =15236.06-C2
B3: =B2-D2-E2
```

ወደታች ጎትተው። `E13` ላይ 50000 ብትጽፍ የ12ኛው ወር ተጨማሪ ክፍያ ነው። `B` መጀመሪያ ከዜሮ በታች ከወረደበት መስመር አንድ ከፍ ብሎ ያለው መስመር ብድሩ ያለቀበት ነው። ቁጥሩን እየቀያየሩ መሞከር ራሱ ሱስ ያስይዛል። ጎረቤቴ አንድ ቀን ማታ ቡና አፍልተው «እስቲ 20 ሺህ አድርገው፣ እስቲ 80 አድርገው» እያሉ እስከ ሦስት ሰዓት አስመሽተውኛል።

የመጀመሪያው ዓመት 50,000 እንደዚያ ሆኖ ቀረ። በሁለተኛው ጥምቀት ግን ማመልከቻውን ቀድመው አስገቡ። 24ኛው ክፍያ በተቆረጠ ማግስት 50,000 ብሩን ወሰዱ። ቀሪው ዕዳ 421,440 የነበረው 371,440 ሆነ። ቀርተው የነበሩት 36 ክፍያዎች 31 ሆኑ፤ የሚተርፈው ወለድ 32,638 ብር ገደማ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ቢሆን ኖሮ ከሚተርፈው በ15 ሺህ ብር ግድም ያንሳል።

በየካቲት መጨረሻ ስቴትመንቱን ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን ስላልያዙ አንብብልኝ አሉ። በሰንጠረዡ መሠረት የ25ኛው ወር ወለድ 6,321.60 መሆን ነበረበት። ወረቀቱ ላይ ያለው 5,571.60 ነበር።

«ቀነሰ?» አሉ።

«በ750 ብር፣ እትዬ።»

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና፣ ያን ጽሑፍ የላከላቸውን የእህታቸውን ልጅ ስልክ ደወሉ።